ታጥቦ፣ ተዘፍኖለት፣ ተተርቶለትም የማይተኛ ልጅ

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዳማ ነው። ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። በየቀኑ ማታ 2 ሰዓት ላይ አጥበዋለሁ፣ እዘፍንለታለሁ፣ ተረት እነግረዋለሁ፤ የሚተኛው ግን 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 4፡15 ገደማ። ሳፋ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ይነቃል። ተረቱንም ‹ድገሚ› እያለ አምስት ስድስት ጊዜ ያስነግረኛል። አባቱ አዲስ አበባ ሥራ ውሎ 2፡30 አካባቢ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀምራል። በመጨረሻ አዝዬው ወይም ጡጦ ይዞ ነው የሚያሸልበው። ቀን ከሞግዚቱ ጋር ከ9 እስከ 11፡30 ይተኛል፣ ጠዋት 1፡15 ላይ ይነሳል። ለእጥበቱ፣ ለዘፈኑና ለተረቱ ስንት ስንት ደቂቃ ልስጥ? የቀን እንቅልፉን ባስቀረውስ?»

መልስ፦ ከደቂቃዎቹ በፊት ሂሳቡን እንሥራ። ማታ 4፡15 ተኝቶ ጠዋት 1፡15 ከተነሳ 9 ሰዓት ተኝቷል። የቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲጨመርበት 11 ሰዓት ተኩል ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጆች የሚመክረው ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው። ልጅዎ እንቅልፍ አልጎደለበትም። የጎደለው የእርስዎ ምሽት ነው፤ ከእንቅልፉ ውስጥ ትልቁ ቁራጭ ከሰዓት በኋላ ላይ ስለተቀመጠ ሌሊቱ ዘግይቶ ይጀምራል።

አሁን ሁለተኛውን ሂሳብ ይመልከቱ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከቀን እንቅልፉ ከተነሳ በኋላ እንደገና እንቅልፍ እስኪጫነው ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ነቅቶ መቆየት አለበት። አንዳንዱ ትንሽ ያንሰዋል። ልጅዎ የሚነቃው 11፡30 ነው። 5 ሰዓት ሲጨመርበት 4፡30 ይሆናል። ማለትም 4፡15 ላይ ሲተኛ አልዘገየም፣ በሰዓቱ ነው የተኛው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲያጥቡት ግን ከተነሳ ገና ሁለት ሰዓት ተኩሉ ነው። ላልራበ ሰው ማዕድ እንደማቅረብ ነው፤ ወጡ ቢጣፍጥም አይበላም። በዚያ ላይ የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰዓታት ንቃትን ከፍ ያደርጋል። ወላጆች «ማታ ማታ ሰይጣን ይገባበታል» የሚሉት ያን ጊዜ ነው። እርስዎ ሳፋውን የሚያቀርቡት ልክ እዚያ ላይ ስለሆነ ሳፋው ራሱ ተወቃሽ ሆኗል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መታረም ያለበት ሐሳብ ይህ ነው፤ እጥበት፣ ተረትና ዘፈን ልጅን አያስተኙም። የሚያደርጉት ነገር ለሰውነቱ «አሁን ቀኑ አልቋል» ብሎ መንገር ነው፤ ያ መልእክት የሚሠራው ደግሞ እንቅልፉ ደርሶ ሲጠብቅ ብቻ ነው። ሲደርስ ግን በደንብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆዲ ማይንዴል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ከ400 በላይ እናቶችን ከሕፃናቶቻቸውና ከዳዴ ካለፉ ልጆቻቸው ጋር ተከታትላ ነበር። ያዘዙላቸው ነገር ቀላል ነው፤ ማጠብ፣ ሰውነቱን በቅባት ማሸት፣ ከዚያ ማቀፍ ወይም መዝፈንን የመሰለ ጸጥ ያለ ነገር፤ ከእጥበቱ መጨረሻ አንሥቶ በ30 ደቂቃ ውስጥ መብራት ማጥፋት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ ቶሎ ይተኙ፣ ሌሊትም ያነሰ ይነቁ ጀመር። እኔ ከዚያ ጥናት የምይዘው የሣጥኑን ዓይነት ሳይሆን ቁልፉን ነው፤ ቅደም ተከተሉ በየምሽቱ አንድ ነው፣ ደግሞም አጭር ነው። የእርስዎ ግን ከ2 ሰዓት እስከ 4፡15 ተዘርግቷል። ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ነገር ለሁለት ዓመት ልጅ ምልክት መሆኑ ይቀርና ራሱን የቻለ የጨዋታ ጊዜ ይሆናል።

የቀን እንቅልፉን አያስቀሩ፣ ወደ ፊት ያምጡት። አብዛኞቹ ልጆች የቀን እንቅልፍን የሚተዉት በ3 እና በ5 ዓመት መካከል ነው። በ2 ዓመቱ ከተከለከለ አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ባጃጅ ውስጥ ወይም ጭንዎ ላይ ያሸልብና ያቺ ሩብ ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ታበላሽብዎታለች። ሳያሸልብ ቢቀር ደግሞ ከልክ በላይ ደክሞ፣ ተነጫንጮና ተቅበጥብጦ ይጠብቅዎታል። የሚሻለው ምሳውን 6፡30 ላይ በልቶ 7፡15 እንዲተኛና 9 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ነው።

እዚህ ላይ ከሞግዚቷ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የግድ ነው። የአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሲበረታ ልጁን ማስተኛት ለእርሷ እፎይታ ነው፤ እስከ 11፡30 ድረስ ቤቱን ጸጥ አድርጋ የምትጠብቀውም ደግነት መስሏት ነው። «ብዙ እንዳይተኛ» ብቻ ካሏት ትርጉሙ ይጠፋል። «9 ሰዓት ሲሆን መጋረጃውን ክፈቺ፣ ሬዲዮኑን ክፈቺ፣ አንሽውና ውኃ ስጭው» ይበሏት። ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያለቅሳል። ያ ልቅሶ መጥፎ ምልክት አይደለም፣ ከከባድ እንቅልፍ የተነሳ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው። በዚያው አንድ ጥያቄ ይጨምሩላት፤ ሻይ ትሰጠዋለች? ብዙ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ለልጅም ሻይ ወይም ለቅምሻ ያህል ቡና ይደርሰዋል። ሁለቱም ካፌይን አላቸው፤ ሻይ ከዚህም ሌላ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ሰውነቱ እንዳይወስድ ያደርጋል። በዚህ ዕድሜ ሁለቱም አያስፈልጉትም።

ወደ ደቂቃዎቹ እንምጣ። ሁሉም ነገር ተደምሮ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል። ከ45 ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

እጥበቱን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያድርጉት። ሞቅ ያለ ውኃ የሚረዳበት ምክንያት ብዙዎች ከሚያስቡት የተለየ ነው። እንቅልፍ የሚመጣው የውስጥ ሙቀታችን ዝቅ ሲል ነው። ለብ ያለ ውኃ የእጅና የእግር የደም ሥሮችን ይከፍትና ሰውነት ሙቀቱን በቆዳው በኩል እንዲያስወጣ ያደርጋል። ጥቅሙ የሚገኘው እንግዲህ ከሳፋው ከወጣ በኋላ ነው፤ በውኃው ውስጥ ማቆየቱ ምንም አይጨምርለትም፣ ለጨዋታ ጊዜ ይሰጠዋል እንጂ። አዳማ ሞቃት ስለሆነ ብዙ ሰው ከጥቅምት እስከ ጥር ካልሆነ በቀር ልጁን በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚያጥበው። ቀን ላይ ምንም አይደለም። ማታ ላይ ግን ቀዝቃዛው ውኃ እነዚያን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፣ ልጁንም ያነቃዋል። ልጅዎ «ጭራሽ ይነቃል» ካሉኝ አንዱ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ሁለተኛው ጀልባውና ኩባያው ናቸው፤ ሳፋ ውስጥ መጫወቻ ካለ እጥበት መሆኑ ቀርቷል።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሦስት ምሽት መጫወቻውን አውጥተው ለብ ባለ ውኃ በ7 ደቂቃ ያጥቡት። ከወጣ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከረገበ እጥበቱ ለእርሱ የሚስማማ ነው፣ በቦታው ይቆይ። አሁንም የሚሮጥና የሚጮህ ከሆነ ልጁ በውኃ ከሚነቃቁት ነው፤ ብዙ እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ፣ ጉድለትም አይደለም። ከጻፉት ስነሣ ልጅዎ ከእነዚህ የሚመደብ ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ ሙሉ እጥበቱን ከእራት በፊት፣ 12፡45 አካባቢ ያድርጉትና ለመኝታው እግሩን፣ እጁንና ፊቱን ብቻ ለብ ባለ ውኃ ይጠቡት። 5 ደቂቃ ይበቃዋል። እግር ማጠብ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እግር ሲሞቅ የደም ሥሩ ይከፈታል፣ ከሙሉ እጥበቱ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ይህ መንገድ ያዋጣል፤ አንድ ጆግ ውኃ ካለዎት ልማዱ አይቋረጥም። ራሱን ማታ አይጠቡት። ሳሙናው ዓይኑ ገብቶ የሚያለቅስበት ነገር በቀንና በሰንበት ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሳፋው ላይ። ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ውኃ አስቀድመው፣ የፈላውን ከላይ ይጨምሩ፤ በክርንዎ ሲነኩት ለብ ብሎ ከተሰማዎትና ካላቃጠለ ልክ ነው። የፈላውን ማንቆርቆሪያ ልጁ ከመግባቱ በፊት ከክፍሉ ያውጡት። ለፎጣ ብለው እንኳ ለአፍታ ጥለውት አይሂዱ፤ ሁለት ዓመት ልጅ በጣት ልክ ውኃ ውስጥም ሊሰምጥ ይችላል፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ከእጥበቱ በኋላ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ዳይፐርና ስስ የጥጥ ልብስ፣ ጥርስ ማጽዳት፤ ይህ ሁሉ 10 ደቂቃ ነው። ቅባቱን በችኮላ ላይ ላዩን አይለቅልቁት። ከጭኑ ወደ እግሩ ጣቶች፣ ከትከሻው ወደ መዳፉ ዝግ ብለው ይሹት፤ ከሁሉም እርምጃ ሰውነቱን ፈታ የሚያደርገው ይህ ነው። ምርጫ የሚሰጡትም እዚህ ላይ ነው፤ «ቀዩን ልብስ ነው ሰማያዊውን?»፣ «የጥንቸሏን ተረት ነው የዝንጀሮውን?» የሁለት ዓመት ልጅ «እምቢ» የሚለው ሥልጣን ስለሚፈልግ ነው፤ ሰዓቱን በማይነካ ነገር ላይ ሥልጣኑን ይስጡት።

ከዚያ ተረት፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። እርስዎ ዘፈኑን ያስቀድማሉ፣ እኔ ተረቱን አስቀድማለሁ። ተረት ጥሩ ቢሆንም አእምሮን ያንቀሳቅሳል፤ ልጁ ይጠይቃል፣ ይገምታል፣ «ከዚያስ?» ይላል። ዘፈን ግን መልስ አይጠይቅም፣ በጨለማም ይዘፈናል። የሚያነቃው ይቅደም፣ የሚያረግበው ይከተል። በዚህ ዕድሜ ተረቱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚወስድ፣ አንድ እንስሳ አንድ ነገር ፈልጎ አግኝቶ ወደ ቤቱ የሚገባበት ይሁን። ሁለት ያህል ይበቃል። ጅብ ያለበትን ለቀን ያቆዩት። «ካልተኛህ ጅብ ይመጣል» የሚባለውን ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም እንዳይናገረው፣ አያትም ቢሆኑ፤ የፈራ ልጅ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ዓይኑን አይጨፍንም፣ ቢጨፍንም ሌሊት ይነሳል።

«ድገሚ» የሚለውን የሚፈታልን ነገር የእኛው ተረት በውስጡ ይዟል። «ተረት ተረት» ብለው ሲጀምሩ «የመሠረት» ይላል፤ ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። በየምሽቱ ይህችን መዝጊያ በመጨረሻው ተረት ላይ ብቻ ይበሉ፣ ከመጀመሪያው በኋላ አይበሉ። ከተባለች በኋላ ተረት የለም። አምስተኛው «ድገሚ» የሚመጣው አራተኛው ስለተሳካለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምሽቶች መዝጊያዋን ከሰማ በኋላ ከወትሮው አብልጦ ሊያለቅስ ይችላል። እዚያ ላይ «እሺ አንዴ ብቻ» ካሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ረዘም አድርጎ ማልቀስ። ስለዚህ ከአፍዎ የሚወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ «ተረቱ አልቋል፣ አሁን እዘፍንልሃለሁ»፤ ሌላ ማስረዳት አይጨምሩበት። ተረቱን ከስልክ አያሰሙት፤ ስልክ መዝጊያ የለውም፣ የሚቀጥለውን ራሱ ያመጣል።

ዘፈኑ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። መብራቱ ጠፍቶ፣ አጎበሩ ተጠቅጥቆ። እሹሩሩም ይሁን መዝሙር፣ ወይም የሴት አያቱን ስም እየጠሩ ራስዎ የፈጠሩት፣ አንድ ብቻ ይሁንና በየምሽቱ ያው ይሁን። ድምፅዎ ለመስማት ደስ የሚል መሆን የለበትም፣ እየዘገየና እየቀነሰ የሚሄድ እንጂ። ሦስት ጊዜ ዘፍነውለት በመጨረሻው ላይ ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ያሰሙት። ከዚያ ይነሱ ወይም አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ። አንድ ክፍል ውስጥ አብራችሁ የምትተኙ ከሆነ በዚህ ዕድሜ ምንም ችግር የለውም፤ ልማዱ ለብቻ ክፍል ላላቸው ብቻ የተሠራ አይደለም።

በዚያ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ካለ ግን ከመኝታው አንድ ሰዓት በፊት ይጥፋ፣ ነጩ አምፖልም በደብዛዛና ወደ ቢጫ በሚያደላ ይተካ። እንቅልፍን የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በትናንሽ ልጆች ላይ ለብርሃን እጅግ ስስ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከመኝታ በፊት የነበረ የአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን ሆርሞኑን በ90 በመቶ ገደማ ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል። ተከታታይ ድራማው እስኪያልቅ ጀርባውን አዙሮ ይተኛል ማለት አይሠራም። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሻማን ከአጎበር አጠገብ አያስጠጉ።

ጡጦውና መታዘሉ ቀሩ። ወተቱን ከእግር እጥበቱ በፊት በኩባያ ይስጡት፣ ጥርሱ ከዚያ በኋላ ይጸዳ። አፉ ውስጥ ወተት ይዞ የሚተኛ ልጅ የፊት ጥርሶቹ ቶሎ ይበላሻሉ፤ ይህን ጉዳይ አላስታምምም፣ ጡጦው ከአልጋ ይውጣ። ማዘል ግን ሌላ ነው። ልጅ በእናቱ ጀርባ መተኛቱ ጥፋት አይደለም፣ ሌሊት እየነቃ «እዘይኝ» የማይልዎት ከሆነም ይታገሉት አልልዎትም። የሚያስቸግረው፣ ልጅ በእንቅልፍ ዑደቱ መካከል በሌሊት ደጋግሞ ብቅ ሲል ሲተኛ አጠገቡ የነበረውን ነገር መፈለጉ ነው። ጀርባዎ ላይ ተኝቶ ፍራሽ ላይ ከነቃ ጀርባዎን ይጠይቃል። የሰዓቱ ነገር ከተስተካከለ ግን ማዘሉ በራሱ ጊዜ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አባቱ። ከአዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሰዓቱን የሚወስነው መንገዱ እንጂ እርሱ አይደለምና «በጊዜ ይግባ» ብሎ መምከር ከንቱ ነው። ይልቁን ተረቱን የአባት ድርሻ ያድርጉት። ተረቱ 2፡30 ላይ ይጀምራል። አባት በዚያ ሰዓት ቤት ከገባ ጫማውን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ሳይወረውረውና ሳያስቀው በቀጥታ አጎበሩ ሥር ይገባና ይተርታል። 2፡30 ካለፈ እርስዎ ይጀምራሉ፣ እርሱ ደግሞ ልጁ እስኪተኛ ሳሎን ወይም ደጅ ይቆያል። ለአባት ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለዚያ ማካካሻ ጠዋቱን ይስጡት፤ ልጁ በጊዜ ሲተኛ 12፡45 ስለሚነሳ አባቱ ገና ካልወጣ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ከሚደረግ ትግል ያ ይሻላል።

እንዴት እንደሚጀመር። ነገ ማታ 2 ሰዓት ላይ ብለው አይጀምሩ፤ ያ ያንኑ ስህተት መድገም ነው። ከሚተኛበት ሰዓት ይነሱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምሽቶች እግር እጥበቱን 3፡25 ላይ ጀምረው መብራቱን 4 ሰዓት ላይ ያጥፉ። እንቅልፉ ደርሶ ስለሚጠብቀው ቶሎ ይተኛል፣ አእምሮውም «ይህ ዘፈን ሲመጣ እንቅልፍ ይመጣል» ብሎ ይይዛል። ከዚያ በየሁለት ምሽቱ 15 ደቂቃ ወደ ፊት ያምጡት፤ 3፡45፣ 3፡30 እያሉ እስከ 2፡45። አሥራ ሁለት ምሽት ይወስዳል። አባቱ በአብዛኞቹ በእነዚህ ምሽቶች ቀድሞ ስለሚገባ ተረቱን እርሱ ይለማመድ። ጠዋት ግን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ 12፡45 ላይ ይቀስቅሱት፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር፤ መጋረጃውን ከፍተው ብርሃን ያሳዩት። የቀን እንቅልፉም በየሁለት ቀኑ በግማሽ ሰዓት ወደ ፊት ይመጣል፤ 8፡30፣ 8፣ 7፡30፣ በመጨረሻ 7፡15። ከማታው ይልቅ ይህ ይበልጣል። የቀኑ እንቅልፍ እስከ 11፡30 እየዘለቀ የማታውን ብቻ ወደ ፊት ካመጡ ሁለት ሳምንት ይደክማሉ፣ ምንም አያገኙም።

ሲያልቅ ምሽቱ ይህን ይመስላል። ሙሉ እጥበት 12፡45፣ እራት 1፡15፣ ቴሌቪዥን 1፡45 ይጠፋል፣ ወተት 1፡55። እግር እጥበት 2፡10፣ ቅባትና ልብስ፣ ፖፖና ጥርስ እስከ 2፡28። ተረት 2፡30፣ መብራት ጠፍቶ ዘፈን 2፡40፣ ዝምታ 2፡45። 3 ሰዓት አካባቢ ቢተኛና 12፡45 ቢነሳ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ የቀኑ አንድ ሰዓት ከ45 ሲጨመርበት ያው 11 ሰዓት ተኩል። ከእንቅልፉ አንድ ደቂቃ አልወሰድንበትም።

መሥራቱን የሚነግርዎት መብራት ከጠፋ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ከተኛ ሰዓቱ ልክ ነው። በየምሽቱ ከ30 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ወይ ቀኑን ብዙ ተኝቷል ወይ የመኝታውን ሰዓት ፈጥነው አምጥተውታል፤ 15 ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሱና ለአራት ምሽት እዚያው ይቆዩ። ተረቱ ሳያልቅ በአምስት ደቂቃ የሚወድቅና ከዚያ በፊት የሚነጫነጭ ከሆነ ደግሞ ዘግይተዋል። በአንድ መጥፎ ምሽት ተነሥተው ምንም አይለውጡ። እንግዳ ሲመጣ፣ በዓል ሲሆን፣ ጥርስ ሲያበቅል ይዘበራረቃል፤ በማግሥቱ በነበረበት ይቀጥሉ። እጥበቱንም ተረቱንም መሥራት ባልቻሉበት ሌሊት፣ አውቶቡስ ላይም ቢሆን፣ ዘፈኗን አይተዉ።

ክፍሉን በተመለከተ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አዳማ ማታም ይሞቃል። አንሶላ ብቻ ይበቃዋል፤ ጀርባውንና አንገቱን ሲዳስሱት ላብ ካለው ከልብሱ ይቀንሱ። ማራገቢያ ካለ ወደ ግድግዳው ዙሮ ይንፈስ። «ብርድ ይመታዋል» ተብሎ መስኮት ሁሉ ከተዘጋ በሙቀቱ ደጋግሞ ይነቃል፤ ወንፊት ካለው ይከፈት፣ አጎበሩ ደግሞ በየሌሊቱ ይሁን፣ ከተማችን ወባ አለባት።

እንዲተኛ ብለው የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ አይስጡት። ጎረቤት «ለልጄ ሰጥቼው አደረ» ቢልዎትም፤ እነዚህ መድኃኒቶች በትንሽ ልጅ ላይ አተነፋፈስን ሊያዳክሙ ይችላሉ፣ አንዳንዱንም ልጅ በተቃራኒው ያቅበጠብጡታል። ሜላቶኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይገዛም።

እኔ የጻፍኩት ሁሉ ለጤነኛ ልጅ ነው። አብዛኛውን ሌሊት የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይም በእንቅልፉ መሐል ትንፋሹ ቆም ብሎ የሚነሣ ከሆነ ቶንሲሉ መታየት አለበት። እግሩን እያወራጨ የሚቸገርና የገረጣ ከሆነ የደም ማነስና የብረት እጥረት ይመርመር። ማታ ማታ መቀመጫውን የሚያክ ከሆነ የአንጀት ትል ምርመራ ያስፈልገዋል። እነዚህ ከሌሉ፣ የቀኑ እንቅልፍ በእርግጥ 9 ሰዓት ላይ እያበቃ ከሦስት ሳምንት በኋላም ከ3፡30 በፊት የማይተኛ ከሆነ፣ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት የአንድ ሳምንት ያህል ጽፈው ወረቀቱን ይዘው ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሂዱ። የቀኑን እንቅልፍ ሞግዚቷ ራሷ ብትጽፈው ይሻላል።